ፎቶው የማያሳየው አንድ ሊትር

ቡፎርድ ሃይዌይ አካባቢ ቡና ስንጠጣ የማንኛችንም ስልክ ውስጥ አንድ ዓይነት ፎቶ አይጠፋም፤ ከአገር ቤት የተላከ የመድኃኒት ፎቶ። "ምን እንደሚል አንብብልን" ይላል መልእክቱ። አብዛኞቻችን እንግሊዝኛውን ተርጉመን፣ ትንሽ ገንዘብ ልከን፣ "አይዟችሁ" ብለን እንዘጋዋለን። የእኔ ሐሳብ ግን መተርጎም ብቻ አይበቃም የሚል ነው። ዋናው ነገር ፎቶው ላይ የለምና።

በቅርቡ የአክስቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን የላከችልኝን ልንገራችሁ። የ14 ወር ልጇ ተቅማጥ ይዞታል። ከጤና ጣቢያ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (ሕይወት አድን የምንለው) እና 10 ኪኒን ያለው የዚንክ እሽግ ተሰጥቷታል። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ፓኬቱ ላይ 20.5 ግራም ይላል፤ ከበታቹ፣ ሙሉውን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡ ይላል። ዚንኩ 20 ሚሊ ግራም ነው።

"በምን ልትበጠብጪው ነው?" አልኳት።

"በብርጭቆ ነዋ!"

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ብርጭቆዋ ሩብ ሊትር ቢይዝ፣ ጨውም ስኳሩም አራት እጥፍ ይወፍራል። ኦአርኤስ የሚሠራው በልክ ሲሆን ነው። አንጀት ውስጥ ጨውና ግሉኮስ በአንድ በር አብረው ይገባሉ፤ ውኃው ይከተላቸዋል። ሲወፍር ነገሩ ይገለበጣል፤ ውኃ ከሰውነት ወደ አንጀት ይሳባል፣ ተቅማጡ ይብሳል፣ ደም ውስጥ ያለው ጨው ይጨምራል፣ ሕፃኑ እስከ መንቀጥቀጥ ሊደርስ ይችላል። በሁለት ሊትር ሲበጠበጥ ደግሞ ይቀጥንና የወጣውን ጨው አይተካም። ፓኬት ሁሉ የአንድ ሊትር አይደለም፤ የግማሽ ሊትርና የ200 ሚሊ ሊትርም አለ። ስለዚህ ግራሙን እዩ። በዚሁ ቅመማ 20.5 ግራም የአንድ ሊትር ከሆነ፣ 4.1 ግራም የ200 ሚሊ ሊትር ነው። ግራሙና የውኃው መጠን ካልተጣጣመ ከመበጥበጥ በፊት የሰጠውን ባለሙያ መጠየቅ ነው።

መፍትሔው ቤቷ ውስጥ ነበር፤ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በእሱ ሁለት ጊዜ ለክታ በንጹሕ ጆግ በጠበጠችው። ስኳር አልጨመረችም፣ ከበጠበጠች በኋላም አላፈላችውም። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል።

ቀጥሎ ስንት ይስጠው? ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ በቀጠነ ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ነው። ሚሊ ሊትር ደግሞ ቤት ውስጥ የሚለካበት የለም። ስለዚህ ሃይላንዱን በቡና ሲኒ እንድትሞላ ነገርኳት። ስምንት ሲኒ ገባ። 500 ለስምንት ሲካፈል ከ60 ትንሽ ይበልጣል፤ እንግዲህ አንዳንድ ሲኒ፣ በማንኪያ ቀስ እያለች። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቃ ከበፊቱ በዝግታ ትቀጥላለች። ጡትም ምግብም አይቋረጥም።

በማግስቱ "አልቆመለትም እኮ፣ አይሠራም" አለችኝ። ብዙ እናቶች ኦአርኤስን የሚተዉት በዚህ ነው። ኦአርኤስ ተቅማጡን አያቆምም፤ የወጣውን ውኃና ጨው ይተካል። መሥራቱ የሚታወቀው ልጁ ሲሸና፣ አፉ ሲረጥብ፣ ሲነቃቃ ነው።

ዚንኩ ደግሞ ተቃራኒ ችግር አለው፤ ተቅማጡ ሲቆም ይረሳል። ከስድስት ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን አንድ ባለ 20 ኪኒን ነው፤ ከዚያ በታች ግማሹ። በማንኪያ በጡት ወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ይሟሟል። ለእሷ የታዘዘላት 10 ቀን ነው፤ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም አሥሩ ቀን ይሞላል። የተጎዳውን አንጀት ይጠግናል፣ በቀጣዮቹ ሁለት ሦስት ወራትም ተቅማጥ እንዳይመለስ ይረዳል። እዚህ ላይ ፎቶ ይጠቅማል፤ በስድስተኛው ቀን "እሽጉን አንሺልኝ" አልኳት። አራት ቀርቶ ነበር፤ ልክ ነው።

ሻንጣ ስናዘጋጅ ለአዋቂ የሚሸጠውን የተቅማጥ ማቆሚያ ኪኒን ለሕፃን ብለን ባንልክ ደስ ይለኛል፤ ለትንሽ ልጅ አደገኛ ነው። የስፖርት መጠጡም ኦአርኤስን አይተካም፤ ስኳሩ ብዙ፣ ጨው ግን ትንሽ ነው።

ፎቶ የማይፈታውም አለ። መጠጣት ያቃተው፣ ሁሉንም የሚያስመልስ፣ ሰገራው ደም ያለው፣ የደነዘዘ፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ወይም የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ የማይመለስ ልጅ ካለ፣ የእኛን መልስ አይጠብቁ። ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ በመንገድም መጠጣት ከቻለ ኦአርኤሱን እየሰጡት።

ከዚያ ውጭ ግን ፎቶው ሲመጣ፣ ከመተርጎማችን በፊት እንጠይቅ፦ በምን ዕቃ ነው የምትበጠብጡት?