መስኮቱን ክፈቱ፣ ትንፋሹን ቁጠሩ

ኅዳር ሲገባ ጉንፋንም አብሮ ይገባል። ሰሞኑን የሰፈራችን የሴቶች እድር ከወርሃዊ ስብሰባው ላይ ግማሽ ሰዓት ሰጥቶኝ፣ ቤት ውስጥ ጉንፋንን እንዴት እንደምንከላከል እንድነግራቸው ጠየቀኝ። እኔም ብዙ ከማውራት አንድ ጥያቄ ይዤ ሄድኩ። ትልቁ ልጅ ጉንፋን ይዞት ከትምህርት ቤት ሲመጣ፣ ቤት ያሉት ሕፃንና አያት እንዳይያዙ ምን ይደረግ?

ለምሳሌ ያህል ሁላችንም የምናውቀውን ዓይነት ቤት ወሰድን። ሁለት ክፍል ነው። እናት፣ አባት፣ አያት፣ የሰባት ዓመት ወንድ ልጅና የስምንት ወር ሴት ሕፃን ይኖሩበታል። ልጁ ሰኞ ማታ ንፍጡ እየወረደ፣ እያስነጠሰ ገባ።

«ሲስተር፣ መጀመሪያ በሩንና መስኮቱን መዝጋት ነው፤ ብርድ መትቶት ነው» አሉ አንዲት እናት። ብዙዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን በዚህ አልተስማማሁም። ጉንፋንንም ኢንፍሉዌንዛንም የሚያመጣው ቫይረስ ነው። የታመመው ሰው ሲያስልና ሲያስነጥስ ከትንፋሹ ጋር ይወጣል። ብርዱ የሚያደርገው ዋናው ነገር ሁላችንንም በአንድ የተዘጋ ክፍል ሰብስቦ የአንዳችንን ትንፋሽ ለሌላው ማካፈል ነው። መስኮቱ ሲዘጋ ቫይረሱም አብሮን ይቀመጣል። ስለዚህ ልጁን ማልበስ፣ መስኮቱን ግን መክፈት። ጠዋት ሁሉም ሲነሳ በርና መስኮት ትይዩ ተከፍተው አየሩ ይለወጥ። ማታም ከመተኛት በፊት ጥቂት ይደገም። ሕፃኗ በነፋሱ መንገድ ላይ አትተኛ እንጂ ንጹሕ አየር አይጎዳትም።

እዚህ ላይ እማማ አንዷ «ታዲያ ኅዳር ሲታጠን በሽታው በጭስ ይወጣል ይባል የለም?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃውና ብዙ ሰው የጨረሰው የኅዳር በሽታ፣ ያኔ በዓለም ሁሉ የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናቃጥለው ያንን እያስታወስን ነው። መታሰቢያነቱን አከብራለሁ። ጭሱ ግን ቫይረሱን ከሰው ጉሮሮ አያወጣም፤ የሕፃናትን የመተንፈሻ ቧንቧ አቁስሎ በሽታው እንዲበረታባቸው ያደርጋል። ከሰል ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ስላለው ተኝተው እንዳሉ ይገድላል። ቡናው ሲፈላ ሕፃኗ ከምድጃው ርቃ ትቀመጥ፣ በሩም ይከፈት።

ቀጥሎ ስለ እጅ ተነጋገርን። ልጁ ንፍጡን በእጁ ይጠርጋል፣ በዚያው እጅ የእህቱን ጉንጭ ይነካል፣ እሷ ደግሞ እጇን አፏ ውስጥ ትከታለች። መንገዱ ይኼው ነው። ሌላው መንገድ እኛ እናቶች የለበስነው ነጠላ ነው። በጫፉ የትልቁን ንፍጥ እንጠርግና፣ በዚያው ጫፍ የትንሿን አፍ እናብሳለን። ይህን ስል ሳቅ ሆነ፤ ሁሉም የራሱን ነጠላ አየ። ለንፍጥ ሶፍት ይሁን፣ ወዲያው ይጣል። ሶፍት ከሌለ ለልጁ ብቻ የሚሆን ቁራጭ ጨርቅ ይለይለት፣ በየቀኑም በሳሙና ይታጠብ። ሳል ሲመጣበት በመዳፉ ሳይሆን በክርኑ ውስጠኛ እጥፋት አፉን እንዲሸፍን አስተምሩት። የሰባት ዓመት ልጅ ሁለት ቀን ካሳያችሁት ይለምደዋል።

«ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ በምን እንታጠብ?» የሚል ጥያቄ መጣ። ውኃ ብዙ አያስፈልግም፤ ሥራውን የሚሠራው ፍትጊያው ነው። እጁ ይርጠብ፣ ሳሙና ይነካ፣ ከዚያ ሳይፈስበት መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ በጣቶች መካከልና ጥፍር ሥር 20 ሰከንድ ይታሽ። ከዚያ ሌላው ሰው ከጆግ እያፈሰሰ ያስታጥበው። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ ይበቃል። የማይበጀው ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ሳፋ ውኃ ተራ በተራ እጁን መንከሩ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲገባ፣ ንፍጡን ከጠረገ በኋላ፣ እናትም ሕፃኗን ከማንሳቷ በፊት ይታጠቡ።

ማታ ልጁና ሕፃኗ በአንድ አልጋ አይተኙ። ሌላ አልጋ ከሌለ አንዱ በራስጌ፣ ሌላው በግርጌ ይሁን፤ ሕፃኗም ከእናቷ ጎን በወዲያኛው ጠርዝ ትሁን። ከአያቱም ጋር ለጥቂት ቀናት አይተኛ፤ ጉንፋን የሚመስለው ነገር ኢንፍሉዌንዛ ከሆነ አረጋውያንን ክፉኛ ይጥላል። ኢንፍሉዌንዛ ቀስ ብሎ አይመጣም። በድንገት ከፍተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ይዞ ይጥላል። ለጎረቤትም «ሕፃኗን ሳትስሙ እለፉ» ማለት ነውር አይደለም። እናት ራሷ ብትያዝ ግን ጡት ማጥባቷን አታቋርጥ። አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ታጥባ፤ ወተቱ ለሕፃኗ መከላከያ ይሰጣታል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቅዳሜ ሕፃኗ ማሳል ጀመረች እንበል። እናቶች አብዝተው የሚጠይቁኝ «መድኃኒት ቤት ሄጄ አሞክሳሲሊን ልግዛ?» ብለው ነው። አይሆንም። እሱ የሚገድለው ባክቴሪያን ነው፣ የጉንፋን ቫይረስን አይነካም። መግዛቱን ትታችሁ ትንፋሿን ቁጠሩ። ሳትነጫነጭና ጡት ሳትጠባ፣ ተረጋግታ ወይም ተኝታ ሳለ ልብሷን ገልጣችሁ ደረትና ሆዷን እዩ። ከፍ ሲል አንድ ብላችሁ፣ በሞባይላችሁ ሰዓት አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል።

ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ። የኛ ሕፃን ቅዳሜ 42 ሆነች። ስለዚህ ጡት ቶሎ ቶሎ ይሰጣት፣ አፍንጫዋ ይጠረግላት፣ ማታም ጠዋትም ይቆጠርላት። ማር ዓመት ሳይሞላት አይሰጥ፤ ፌጦና ዘይትም አፍንጫዋ ውስጥ አይጨመር፣ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። ሰኞ ጠዋት ቆጠራው 56 ሆነ። እናቷ ደገመችው፣ 55 ሆነ። ይህ የሳንባ ምች ምልክት ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ትወሰዳለች። አሞክሳሲሊን የሚያስፈልጋት እንደሆነ የሚወሰነውም እዚያው ነው።

ቆጠራ የማይጠብቁም ምልክቶች አሉ። ስትተነፍስ ከጎድን አጥንቷ በታች ያለው ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት መጥባት ካቃታት፣ የወሰደችውን ሁሉ ካስመለሳት፣ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ካንቀጠቀጣት ወይም ስትቀሰቅሷት ካልነቃች፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ዘንድ ይዛችኋት ሩጡ። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ደግሞ 60 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ትኩሳት ካለው ወይም መጥባት ከተወ አንድ ሰዓትም ቤት አይቆይ።

በመጨረሻ የክትባት ካርዳቸውን እንዲያዩ ነገርኳቸው። በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት የሚሰጡት ክትባቶች ሳንባ ምች ከሚያመጡት ዋና ዋና ባክቴሪያዎች ይከላከላሉ። ጉንፋንን አያስቀሩም። ከጉንፋኑ ጀርባ የሚመጣውን የሳንባ ምች አደጋ ግን ይቀንሳሉ። ከሦስቱ አንዱ ያመለጠው ልጅ ካለ ቀጠሮው አለፈ ብላችሁ አትቅሩ፤ ካርዱን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።