«ይተባበሩት» አይበቃም፦ ስለ አንድ መነጽርና ስለ አንድ ደብዳቤ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ መርሳ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ቤቴ መጣች። ልጁ ዘንድሮ 5ኛ ክፍል ገብቷል። ወልድያ ወስዳው ዓይኑ ተመርምሮ መነጽር ታዞለት፣ ገና አፍንጫው ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጧል። «ጋሼ፣ ለመምህሩ ደብዳቤ ጻፍልኝ» አለችኝ። «ምን ልበል?» ስላት «በቃ ችግር አለበት፣ ይተባበሩት በልልኝ» አለች።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በአስተማሪነቴ ዘመን ስንት ተቀብያለሁ መሰላችሁ! «ልጄ የዓይን ችግር ስላለበት አስፈላጊውን ትብብር እንዲያደርጉለት በትሕትና እጠይቃለሁ።» አነበብኩት፣ አዘንኩ፣ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። አለቀ። ምን ላድርግ? ደብዳቤው አልነገረኝማ! ሰባ ልጅ ፊቴ ተቀምጦ «ትብብር» የሚለው ቃል ኪስ ውስጥ ይቀራል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ለአስተማሪ የሚጻፍ ደብዳቤ የበሽታውን ስም ባይጽፍም ግድ የለም፤ አስተማሪው ነገ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ ግን መጻፍ አለበት።

የልጁ ነገር እንዲህ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኖቹ ያለፈቃዱ ወዲያ ወዲህ ይዋልላሉ። በዚያ ላይ የርቀት እይታው ደካማ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለ መነጽር 6/60፣ በመነጽር 6/24 ይላል። እናቱ ይህንን ቁጥር እንደ ፈተና ውጤት ነበር የቆጠረችው። ትርጉሙ ሌላ ነው። 6/24 ማለት ጤነኛ ዓይን በ24 ሜትር ሆኖ የሚያነበውን ፊደል እሱ 6 ሜትር ድረስ ቀርቦ ነው የሚያነበው። አራት እጥፍ መቅረብ አለበት ማለት ነው። መነጽሩን ሲያወልቅ አሥር እጥፍ ይሆናል።

አሁን ይህንን ክፍል ውስጥ እናስገባው። የፊተኛው ዴስክ ከሰሌዳው 2 ሜትር ያህል ይርቃል እንበል። ልጁ መነጽሩን አድርጎ እዚያ ሲቀመጥ፣ ጤነኛ ልጅ በ8 ሜትር ሆኖ እንደሚያየው ያያል። ይኸ የመጨረሻው ረድፍ ማለት ነው። የኋላው ረድፍ ልጅ ይብዛም ይነስም ሰሌዳውን ያነባል፤ እሱም ያነባል። ያለ መነጽር እዚያው ፊት ብታስቀምጡት ግን በ20 ሜትር እንዳለ ሰው ነው፤ ከክፍሉ ውጭ ሜዳ ላይ ቆሞ በመስኮት እንደሚያይ ማለት ነው። መነጽሩን አድርጎ 6 ሜትር ወደ ኋላ ብታስቀምጡት ደግሞ በ24 ሜትር። ስለዚህ መነጽሩ ብቻውን አይበቃም፣ የፊት ወንበሩም ብቻውን አይበቃም። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ነው ልጁ ክፍል ውስጥ የሚገባው።

ይህን የምለው ብዙ አስተማሪ «መነጽር አደረገ አይደል? ዳነ» ስለሚል ነው። እኔም እል ነበር። መነጽር የሚያስተካክለው ብርሃኑ ዓይን ውስጥ የሚያርፍበትን ቦታ ነው። የዓይኑን መዋለል አያቆምም። እጁ በሚንቀጠቀጥ ሰው የተነሳ የስልክ ፎቶ አስቡ፤ ሌንሱ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ፎቶው ይደበዝዛል። እንደዚያ ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ ይኸን እኔ ራሴ ሳላውቀው ያረጀሁት። ልጁ ሰሌዳ ሲያይ ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ ዓይኖቹን ወደ ግራ ይልካል። እንደዚያ ሲያደርግ መዋለሉ ይቀንስለታል፤ ሳያስበው ያገኘው መላ ነው። የአምናው መምህር ግን «ቀጥ ብለህ እየኝ፣ ምን በጎን ታየኛለህ!» እያለ ይቆጣው ነበር አሉ። ልጁ ለመታዘዝ ሲል አንገቱን ያቀናል፤ ያኔ ሰሌዳው ይጠፋበታል። እንግዲህ ሰሌዳው በግራው እንዲሆንለት ከፊተኛው ረድፍ በስተቀኝ ዳር ቢቀመጥ ነው የሚሻለው። ረዘም ያለ ልጅ ስለሆነ ዳር መሆኑ ከኋላው ያሉትንም አይጋርድም። «ፊት ይቀመጥ» ከማለት «ፊት፣ በስተቀኝ ዳር» ማለት ምን ያህል እንደሚለይ አያችሁ? ዓይኑ በሌላ አቅጣጫ የሚረጋለት ልጅ ደግሞ ቦታው ሌላ ይሆናል፤ ልጁን ራሱን መጠየቅ ነው።

ወደ ጽሑፉ እንምጣ። ቤት ውስጥ ቀላል ሙከራ አደረግን። አንድ አንቀጽ በ14፣ በ18፣ በ24 እና በ32 የፊደል መጠን አሳትሜ በመነጽሩ ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደረግሁ። በ14 ወረቀቱን አፍንጫው ላይ ለጥፎ አነበበ፤ ግን «መጡ»ን «መጣ»፣ «ለ»ን «ሉ» ይለዋል። የኛ ፊደል እንዲህ ነው፤ አናባቢው ብዙ ጊዜ ያለው እግር ላይ በምትቀጠል ትንሽ ጭረት ነው። እሷ ከጠፋች ትርጉሙ ተገለበጠ። በ18 ተሻለ፣ ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ደከመው። በ24 ልክ እንደሚናገር አድርጎ ወረደው። በ32 ከዚያ አልፈጠነም፤ ገጽ መግለጥ ብቻ በዛበት። ስለዚህ መጠኑ 24 ነው። ልብ በሉ፣ የምንፈልገው «እንደምንም የሚያነበውን» ትንሹን ፊደል አይደለም፤ ሳይደክም የሚያነበውን ነው።

አንዳንድ ትምህርት ቤት ፈተናውን በፎቶ ኮፒ ከ«ኤ4» ወደ «ኤ3» ያሰፉና ጨረስን ይላሉ። ያ 12 የነበረውን ፊደል ወደ 17 ገደማ ነው የሚያደርሰው፤ በዚያ ላይ ይደበዝዛል፣ ወረቀቱም ዴስክ ላይ አይዘረጋም። የሚሻለው ኮምፒውተሩ ላይ መጠኑን ወደ 24 ቀይሮ፣ ወፈር ያለ ፊደል መርጦ በዚያው በ«ኤ4» ማተም ነው። ዋጋ አለው፤ ፊደሉ በቁመትም በወርድም እጥፍ ስለሚሆን አንዱ ገጽ አራት ገጽ ይሆናል። ሁለት ገጽ ፈተና ስምንት ገጽ ማለት ነው። የሒሳቡን ደግሞ ለብቻ ተመልከቱ፤ የአሥርዮሽ ነጥብና ከላይ የምትጻፍ ትንሽ 2 አብረው ካላደጉ 3.5 ለልጁ 35 ነው።

መጽሐፉን ምን እናድርገው? ለአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም አልተዳረሰም፤ በፒዲኤፍ ግን በቴሌግራም ይዞራል። ለሌላው ልጅ ይኸ ችግር ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን በረከት ሆነ። ስልክ ላይ በሁለት ጣት አስፍቶ ያነበዋል። ታዲያ ክፍል ውስጥ ስልክ ክልክል ነው። ፈቃድ ካልተጠየቀ ሰኞ ይነጠቃል፣ እናቱ ማክሰኞ ትጠራለች። ስለዚህ ይህም ደብዳቤው ውስጥ መግባት አለበት።

እሷ እየተናገረች እኔ የጻፍኩት እነሆ፦

«ለ5ኛ ክፍል መምህራን በሙሉ። ልጄ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ መነጽር ያደርጋል። መነጽሩ ያግዘዋል እንጂ እይታውን ሙሉ አያደርግለትም። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ያድርገው፤ ማውለቁን ካያችሁ አስታውሱልኝ። ከፊተኛው ረድፍ በስተቀኝ ዳር ይቀመጥ፤ የመቀመጫ ለውጥ ሲኖርም እሱ ባለበት ይቆይ። ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ቢያያችሁ ንቀት አይደለም፤ እንደዚያ ነው የሚያየው። መጽሐፍ አስጠግቶ ቢያነብም አይከልከል፤ ዓይኑን አይጎዳውም። ሰሌዳ ላይ ስትጽፉ የምትጽፉትን ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ፈተናውን በ24 የፊደል መጠን አሳትሙለት፤ ወረቀቱን እኔ አመጣለሁ። ቀስ ብሎ ስለሚያነብ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠው። መጽሐፉን ከስልክ ላይ እንዲያነብ ይፈቀድለት፤ ስልኩ ሲም ካርድ የለውም። ከአንድ ወር በኋላ መጥቼ የትኛው እንደሠራ እጠይቃለሁ። አክባሪያችሁ፣ እናቱ።»

አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ግን ስምንት ቅጂ አባዛነው። ለምን? እስከ 4ኛ ክፍል አንድ መምህር ነበር የሚያስተምረው፤ ከ5ኛ ጀምሮ ለየትምህርቱ ሌላ ሰው ይገባል። ለክፍል ኃላፊው ብቻ የተሰጠ ደብዳቤ የሒሳብ መምህሩ ጋ አይደርስም። አንዱ ቅጂ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ፋይል ውስጥ ይግባ፤ 8ኛ ክፍል ሲደርስ ለክልሉ ፈተና ትልቅ ፊደል የሚጠየቀው በመጨረሻው ሳምንት አይደለም፣ ያኔ «ከመቼ ጀምሮ?» ሲባል ወረቀቱ ይመሰክራል።

አንድ ወዳጄ መምህር ይህን ሳነብለት «ሌሎቹስ? አድልዎ አይሆንም?» አለኝ። ጥያቄው ንቀት አይገባውም፤ ሰባ ልጅ ይዞ ለአንዱ ለብቻ ማተም ሥራ ነው። ግን ጥያቄዎቹ ያው ናቸው፣ መልሱም ያው ነው። የተቀየረው የፊደሉ ስፋት ብቻ። ለልጁ ነጥብ አልጨመርንለትም፤ ጥያቄውን እንዲያየው ነው ያደረግነው።

ልጆች «አራት ዓይና» እያሉ ያሾፉበታል፤ እሱም ለዚህ ነው መነጽሩን ኪሱ የሚከተው። በኛ አገር «አራት ዓይና» የሚባለው አራቱን ጉባኤ የጨረሰ ሊቅ መሆኑን ነገርኩት። ሳቀ። ስድብ መሆኑ ቀርቶለት እንደሆነ እንጃ፤ ሲወጣ ግን አድርጎት ነው የወጣው።

ይህን ሁሉ ለምን ጻፍኩ? ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት ረጅም ልጅ ነበረችኝ። ረጅም ስለሆነች መጨረሻ ረድፍ አስቀመጥኳት። ከጎኗ ካለችው ልጅ ደብተር ትገለብጥ ነበር፤ «ሰነፍ» አልኳት። ተነስታ ወደ ሰሌዳው ስትጠጋ ወደ ቦታዋ መለስኳት። 7ኛን ሳትጨርስ ቀረች። እንደማይታያት የሰማሁት ከቀረች በኋላ ነው። ደብዳቤ የጻፈላት አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ይህን ካነበብሽው፣ ወይም የሚያነብልሽ ካለ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሐብሩም ሆነ ወልድያ፣ ግራናም ሆነ ስሪንቃ የምታስተምሩ ልጆቼ፤ ነገ ክፍል ስትገቡ ከሰሌዳ ሳይሆን ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጠውን ልጅ ፈልጉት። ከመቆጣታችሁ በፊት ሁለት ሜትር ድረስ ወደፊት አምጡትና ሰሌዳውን አስነብቡት። ወላጆች ደግሞ ደብዳቤውን ከላይ ካለው ላይ ገልብጣችሁ የልጃችሁን ቁጥርና ቦታ አስገቡበት። ፈቃዴ ነው።

ቸር ያሰማን።