ብስኩቱ 140 ካሎሪ ነው ወይስ 420? ማሸጊያው ላይ መጀመሪያ የሚነበበው ቁጥር

የስኳር፣ የደም ግፊትና የክብደት ክትትል ያላቸው ሰዎች «ዶክተር፣ እኔ እኮ ማሸጊያውን አንብቤ ነው የምገዛው» ሲሉ ደስ ይለኛል። ነገር ግን አብዛኛው ሰው የሚያነበው ካሎሪውን ብቻ ነው። ከካሎሪው በላይ በትንሹ የተጻፈች አንዲት መስመር ትታለፋለች። በእኔ እምነት ከዚያ ሠንጠረዥ አንድ መስመር ብቻ ለማንበብ ጊዜ ቢኖራችሁ መነበብ ያለበት እሱ ነው፤ «በፓኬቱ ውስጥ ስንት ድርሻ አለ» የሚለው መስመር። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ከሆነ «ሰርቪንግስ ፐር ኮንቴይነር» ይላል።

አንድ ድርሻ ማለት ምንድን ነው?

ድርሻ፣ ማለትም «ሰርቪንግ»፣ ሠንጠረዡ የተሠራበት መለኪያ ነው። ከሥሩ የተጻፉት ካሎሪ፣ ስኳር፣ ጨውና ቅባት ሁሉ የዚያ መለኪያ ናቸው እንጂ የፓኬቱ አይደሉም። ብዙ ሰው ደግሞ ድርሻን «ሐኪም ብሉ ያለው መጠን» አድርጎ ይወስደዋል፤ ይህም ስህተት ነው። በአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ ድርሻ የሚወሰነው ሰዎች በአንድ ጊዜ በአማካይ ምን ያህል እንደሚበሉ ታይቶ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ምክር ሳይሆን መለኪያ ብቻ ነው።

በምሳሌ እንየው

ከሆለታ ሱቅ ለልጅ ምሳ ዕቃ የተገዛ ባለ 90 ግራም ክሬም ብስኩት እናስብ። በውስጡ 12 ፍሬ አለ። ሠንጠረዡ እንዲህ ይላል፦

• በፓኬቱ ያለ ድርሻ፦ 3
• የአንድ ድርሻ መጠን፦ 30 ግራም (4 ፍሬ)
• ካሎሪ፦ 140
• ካርቦሃይድሬት፦ 21 ግራም
• የተጨመረ ስኳር፦ 8 ግራም (ከቀኑ 16 በመቶ)

140 ያየች እናት «ቀላል መክሰስ ነው» ብላ ፓኬቱን እንዳለ ምሳ ዕቃው ውስጥ ትከተዋለች። ልጁ ግን 4 ፍሬ ቆጥሮ የቀረውን ለነገ አያስቀምጥም፤ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሁሉንም በ3 እናባዛ። ካሎሪው 420፣ ስኳሩ 24 ግራም ይሆናል፤ ይህም 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። 420 ካሎሪ ወደ ሁለት ብርጭቆ ተኩል ንጹሕ የላም ወተት የሚሰጠው ጉልበት ነው። ልዩነቱ ወተቱ ፕሮቲንና ካልሲየም ይዞ መምጣቱ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ። «ከቀኑ 16 በመቶ» የሚለው ስሌት የተሠራው በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው ነው፤ ያውም ለአንድ ድርሻ ብቻ። የሰባት ዓመት ልጅ ግን በቀን የሚያስፈልገው ወደ 1,500 ካሎሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከተጨመረ ስኳርና መሰል ምንጭ የሚገኘው ጉልበት ከቀኑ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። ለዚህ ልጅ ያ 37 ግራም ገደማ ነው። አንድ ፓኬት ብስኩት 24 ግራሙን ወሰደ፤ ከዚህ የሁለት ሦስተኛ ያህሉ ማለት ነው። ማሸጊያው 16 በመቶ ቢልም ልጁ የወሰደው 65 በመቶ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሻይ በስኳር ወይም ለስላሳ ከጠጣ ደግሞ ከልኩ ሊያልፍ ይችላል።

ለስኳር ታካሚ ልዩነቱ የበለጠ ይከብዳል

በኢንሱሊን ሕክምና ላይ ያለና በካርቦሃይድሬት መጠን ኢንሱሊኑን የሚያስተካክል ሰው 21 ግራም ብሎ አስልቶ 63 ግራም ከበላ፣ የደም ስኳሩ ከፍ ብሎ ሲገኝ ምክንያቱን አያውቀውም። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ይላል። መድኃኒቱ ግን ለተነገረው መጠን ሠርቷል፤ የተነገረው መጠን ነው ሲሶ ብቻ የነበረው። የደም ስኳራችሁ ያለ ምክንያት ሲዋዥቅ መጠኑን በራሳችሁ ከመለወጣችሁ በፊት የበላችሁትን ነገር ማሸጊያ ይዛችሁ ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ።

«በ100 ግራም» ወይም «በ100 ሚሊ ሊትር» ሲልስ?

ከአውሮፓ በሚመጡና በሌሎችም ብዙ ምርቶች ላይ ሠንጠረዡ በድርሻ ሳይሆን በ100 ይጻፋል። ይህ ሁለት ምርቶችን ለማወዳደር በጣም ጥሩ ነው። ምን ያህል እንደወሰዳችሁ ለማወቅ ግን አሁንም የፓኬቱን ክብደት መፈለግ አለባችሁ። የተለመደ የኮላ ለስላሳ በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 42 ካሎሪና 10.6 ግራም ስኳር አለው። ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ አምስት መቶ ሚሊ ሊትር አለ፤ ስለዚህ በ5 ስናባዛው 210 ካሎሪና 53 ግራም ስኳር ይሆናል። ያ 13 የሻይ ማንኪያ ነው፤ ከላይ ላነሳነው ልጅ የአንድ ቀን ተኩል ያህል ልክ።

ጥፋቱ የአንባቢው ብቻ አይደለም

እዚህ ላይ የራሴን አቋም ልናገር። አንድ ሰው በአንድ ቁጭታ የሚጨርሰውን ፓኬት ለሦስት ከፍሎ የአንዱን ቁጥር ብቻ መጻፍ ውሸት ባይሆንም ያሳስታል። አሜሪካ ውስጥ 20 አውንስ (590 ሚሊ ሊትር ገደማ) የለስላሳ ጠርሙስ ለዓመታት 2.5 ድርሻ እየተባለ፣ ካሎሪው 100 ገደማ ሆኖ ይጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሕጉን ለውጦ እንዲህ ያለው ጠርሙስ ሙሉው እንደ አንድ ድርሻ እንዲቆጠር አደረገ። ከሁለት እስከ ሦስት ድርሻ የያዙ በርካታ ፓኬቶችም የአንዱ ድርሻና የሙሉው ፓኬት ቁጥር ጎን ለጎን እንዲጻፍባቸው አዘዘ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው መጠጥ አልተለወጠም፤ ሰው የሚያየው ቁጥር ግን እውነተኛ ሆነ።

የእኛ አገር አምራቾችና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ወደዚህ አሠራር ቢመጡ እላለሁ። ባለ 90 ግራም ብስኩት ላይ «ሙሉው ፓኬት 420 ካሎሪ» የሚል በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢጻፍ ማባዛት የማይችሉ አያት እንኳ ለልጅ ልጃቸው ሲገዙ ያውቁታል። «ሰው ራሱ አባዝቶ ይወቅ» የሚለው መልስ አይዋጥልኝም፤ ሱቅ በር ላይ ልጅ እጁን እየጎተተው በልቡ የሚያባዛ ወላጅ ጥቂት ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን

1. መጀመሪያ የድርሻውን ብዛት ፈልጉ። 1 ካልሆነ ሁሉንም ቁጥር በዚያ አባዙ።
2. የድርሻ ብዛት ካልተጻፈ የፓኬቱን ክብደት ለአንዱ ድርሻ ክብደት አካፍሉ። 90 ለ30 ሲካፈል 3 ነው።
3. ሠንጠረዡ በ100 ግራም ከሆነ ቁጥሩን በፓኬቱ ክብደት አባዝታችሁ ለ100 አካፍሉ።
4. ለልጃችሁ ፓኬቱን እንዳለ አትስጡ። 4 ፍሬ ምሳ ዕቃ ውስጥ አድርጉ፤ የቀረው ክዳን ባለው ዕቃ ቤት ይቆይ። ያኔ ማሸጊያው ላይ ያለው 140 እውነት ይሆናል።