ተደርድሮ የመጣው ሮስተር ፕሮግራሜን እንዴት እንደጣለው

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ከኮምፒውተር ጋር ብዙ የማትቀራረቡም ብትሆኑ እስከ መጨረሻው ትከተሉኛላችሁ ብዬ አስባለሁ፤ ካልተከተላችሁኝ ጥፋቱ የአስተማሪው ነው።

ሃሳቤን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል። ኩዊክሶርትን «ፒቮቱ የመጀመሪያው ቁጥር ነው» እያልን ማስተማራችንን ማቆም አለብን። እኔም ለዓመታት እንደዛ ነበር ያስተማርኩት። ዲፕሎማ ስማር በዚያው መንገድ ተማርኩ፣ ሃንዳውቱን ተቀበልኩ፣ ለተማሪዎቼም አባዝቼ ሰጠሁ።

ያስነቃኝ ነገር እንዲህ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ስም በፊደል ተራ የሚደረድር ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን ጻፍኩ። አብሮት የሚመጣ መደርደሪያ እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን የማስተምረውን ነገር በራሴ እጅ ልሞክረው ብዬ ነው። በአንድ ሴክሽን፣ በ62 ተማሪዎች ላይ ሞከርኩት። ስሞቹን ተማሪዎቹ ራሳቸው በወረቀት እያዞሩ ስለጻፉልኝ የተዘበራረቁ ነበሩ። ዓይኔን ሳልጨፍን አለቀ። ደስ አለኝ። ከዚያ የሁሉንም ሴክሽን ሮስተር፣ 1200 ስም፣ ሰጠሁት። ሰዓት ሳይፈጅ እንዲህ ብሎኝ ቆመ፦

```
RecursionError: maximum recursion depth exceeded
```

መጀመሪያ ፋይሉን ጠረጠርኩ። ባዶ መስመር ይኖራል፣ የሆነ የተበላሸ ፊደል ይኖራል ብዬ ግማሽ ቀን ፈለግኩ። ምንም የለም። የሚገርማችሁ፣ ለሙከራ ብዬ ስሞቹን በዝባዥ አዘበራርቄ ስሰጠው ያለ ምንም ችግር ሠራ! ያው 1200 ስም ነው። ተዘበራርቆ ሲመጣ ይደረድረዋል፣ ተደርድሮ ሲመጣ ግን ይወድቃል። ሮስተሩ ከሪከርድ ክፍል የመጣው በፊደል ተራ ተደርድሮ ነበር ለካ። ሥራው ቀድሞ ተሠርቶለት ነው የወደቀው።

ኮዱ ይኸው። ሃንዳውቱ ላይ ያለው ራሱ ነው ማለት ይቻላል፦

```
def qs(a, lo, hi):
    if lo >= hi:
        return
    p = a[lo]
    i = lo
    for j in range(lo + 1, hi + 1):
        if a[j] < p:
            i += 1
            a[i], a[j] = a[j], a[i]
    a[lo], a[i] = a[i], a[lo]
    qs(a, lo, i - 1)
    qs(a, i + 1, hi)
```

ኮድ ለማትወዱ በአማርኛ ልበለው። ከዝርዝሩ አንድ ስም እንመርጣለን፤ እሱ ፒቮት ይባላል። ሌሎቹን ሁሉ ከሱ ጋር እያነጻጸርን በፊደል ተራ የሚቀድሙትን ወደ ግራው፣ የሚከተሉትን ወደ ቀኙ እናደርጋለን። አሁን ፒቮቱ ትክክለኛ ቦታውን ይዟል፤ ከዚህ በኋላ አይነካም። ከዚያ ግራውን ብቻውን፣ ቀኙንም ብቻውን በዚያው ዘዴ እንቀጥላለን። የኩዊክሶርት ፍጥነት በሙሉ የተመሠረተው ዝርዝሩ ለሁለት በመከፈሉ ላይ ነው። ካልተከፈለ ፍጥነት የሚባል ነገር የለም።

በሰባት ስም እንሞክረው፦ ሀና፣ ለምለም፣ መስፍን፣ ሰላም፣ በቀለ፣ ተስፋዬ፣ አለሙ። በፊደል ተራቸው ናቸው። ፒቮቱ የመጀመሪያው ስለሆነ ሀና ናት። ስድስቱን ሁሉ ከሀና ጋር አነጻጸርን። ከሷ የሚቀድም አለ? የለም። ግራው ባዶ፣ ቀኙ ስድስት። ስድስት ጊዜ አነጻጽረን ያገኘነው ትርፍ አንዲት ሀናን ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ድሮም ቦታዋ ላይ ነበረች። ቀጥሎ ለምለም ፒቮት ትሆናለች፣ አምስት ማነጻጸር፣ ግራው አሁንም ባዶ። ከዚያ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ድምሩ 21።

አሁን ያንኑ ዝርዝር መሃል ላይ ባለችው በሰላም እንጀምረው። ስድስት ማነጻጸር፤ ግራው ሦስት፣ ቀኙ ሦስት። በግራ ለምለም ፒቮት ትሁን፣ ሁለት ማነጻጸር፤ በቀኝ ተስፋዬ ይሁን፣ ሁለት ማነጻጸር። አለቀ። ድምሩ 10።

21 እና 10 ብዙም አይራራቁም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ በሰባት ስም አይራራቁም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስናስተምር ችግሩ የማይታየን ለዚህ ነው። ሰሌዳው ላይ ከስምንት ቁጥር በላይ አንጽፍም፣ የምንጽፈውም ሁልጊዜ የተዘበራረቀ ነው። በ1200 ስም ግን የመጀመሪያውን ፒቮት ካደረግን ማነጻጸሩ 1199 ሲደመር 1198 ሲደመር 1197 እያለ ይወርድና 719,400 ይሆናል። በመሃለኛው ፒቮት ደግሞ 9,964 ነው። ኮዱ ውስጥ መቁጠሪያ አስገብቼ አይቼዋለሁ። ተማሪው እጥፍ ሆኖ 2400 ቢደርስ የመጀመሪያው አራት እጥፍ ይሆናል፣ ወደ 2.9 ሚሊዮን። አንድ ሰው 100,000 የተደረደረ መዝገብ ይዞ ቢመጣ አምስት ቢሊዮን ገደማ ማነጻጸር ይጠብቀዋል።

የስህተት መልእክቱም ከዚሁ የመጣ ነው። ፕሮግራሙ ራሱን በጠራ ቁጥር ያላለቀው ጥሪ ከታች ሆኖ ይጠብቃል፣ እንደተደራረበ ሰሃን። ዝርዝሩ በየጊዜው ለሁለት ቢከፈል ኖሮ ለ1200 ስም 11 ሰሃን ይበቃ ነበር። እየተከፈለ ሳይሆን አንድ አንድ እየተላጠ ስለሚሄድ ግን 1200 ያህል ሰሃን ተደራረበ። ፓይተን ካልነገሩት በቀር ከ1000 በላይ አይፈቅድም። የእኛ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ 800 ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይሠራ ነበር፣ እኔም ዛሬም ሃንዳውቱን እያባዛሁ ነበር። ተርፌያለሁ ልበል?

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ወንድሜ፣ ምን ያስጨንቅሃል፣ ገደቡን ከፍ አድርገው» አለኝ። `sys.setrecursionlimit(5000)` ማለቱ ነው። አደረግኩት፣ ሠራም። ግን ይሄ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ትልቅ ባልዲ እንደማስቀመጥ ነው። 719,400ው ማነጻጸር እዚያው ነው ያለው፤ የጠፋው የሚነግረኝ መልእክት ብቻ ነው። መልእክቱን ካላየ ሰው ደግሞ ማን ያስተካክለዋል?

ሌላው የምሰማው መከራከሪያ «መጥፎው ሁኔታ እኮ እምብዛም አያጋጥምም» የሚለው ነው። ይሄ ነው በጣም የሚያናድደኝ። እምብዛም የማያጋጥመው ውሂቡ እንደ ሎተሪ ተበውዞ ቢመጣ ነው። እስኪ በአካባቢያችሁ ያለውን ዝርዝር ተመልከቱ። ሮስተር በፊደል ተራ ነው። ደረሰኝ በቁጥር ተራ ነው። የባንክ ሂሳብ መግለጫ በቀን ተራ ነው። ሰው ያዘጋጀው ዝርዝር አብዛኛው ወይ ተደርድሯል፣ ወይ ሊደረደር ጥቂት ነው የቀረው። ሮስተሩ ጥቅምት ላይ አሥር ተዛውረው የመጡ ልጆች መጨረሻው ላይ ቢጨመሩበትም ብዙ አይሻልም፤ በየዙሩ ወደ ግራ የሚሄዱት ከነዚያ አሥር ጥቂቶቹ ብቻ ናቸውና። ከኋላ ወደ ፊት ቢገለበጥም ያው ነው፤ ባዶ የሚሆነው ቀኙ ይሆናል እንጂ። የመጨረሻውን ስም ፒቮት ማድረግም አያድንም።

መፍትሔው ሁለት መስመር ነው። ከ `p = a[lo]` በፊት ይህን ማስገባት፦

```
    k = random.randint(lo, hi)
    a[lo], a[k] = a[k], a[lo]
```

ፒቮቱን በዕጣ ማውጣት ማለት ነው። በዕጣ ሲሆን ለ1200 ስም በአማካይ ወደ 13,600 ማነጻጸር ይወስዳል። ከመሃለኛው 9,964 ይበልጣል፣ አዎ። ታዲያ ለምን መሃለኛውን አልመርጥም? ለሮስተሩ ብቻ ከሆነ `k = (lo + hi) // 2` ይበቃል፣ እንዲያውም ይሻላል። ነገር ግን መሃለኛውን የሚመርጥ ፕሮግራም ላይም ሆን ተብሎ የሚያዘገየው ዝርዝር ሊሠራለት ይችላል፤ የትኛውን ቦታ እንደሚመርጥ አስቀድሞ ይታወቃላ። በዕጣ ሲሆን ግን ሁልጊዜ መጥፎ የሚሆን ዝርዝር የለም። መጥፎ ዕድል ብቻ ነው ያለው፣ እሱም በየዙሩ መደጋገም አለበት።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ይሄ የእኔ ግኝት አይደለም። ኩዊክሶርትን የፈጠረው ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1961 ዘዴውን ሲያሳትም ፒቮቱን በዕጣ ነበር የመረጠው። የመጀመሪያውን መውሰድ በኋላ በየማስተማሪያው ለማቅለል ተብሎ የገባ ነው። እኛ ማቅለያውን ዋናው አድርገን ወሰድነው። ፈተና ላይም «የኩዊክሶርት መጥፎው ሁኔታ ስንት ነው?» ብለን እንጠይቃለን፣ ልጁ O(n²) ብሎ ማርኩን ይወስዳል። በየትኛው ዝርዝር ላይ እንደሚመጣ ጠይቁት፤ «በጣም በተዘበራረቀው» ይላችኋል። ጠይቄ ነው የምነግራችሁ። ልክ ተቃራኒውን!

ዕጣም ቢሆን የማይፈታው ነገር አለ፣ እሱን ሳልናገር ባልፍ እኔም እንደ ሃንዳውቱ እሆናለሁ። ያንኑ ሮስተር በስም ሳይሆን በጾታ ደርድር ብለው፣ 600 ወንድ፣ 600 ሴት፣ ዕጣ እያወጣም ወደ 360,000 ማነጻጸር ይደርሳል። ሴቶቹ ሁሉ እኩል ናቸው፣ ከማንኛዋም የምታንስ የለችም፤ ስለዚህ ግራው እንደገና ባዶ ነው። እዚህ ላይ ችግሩ ያለው ፒቮቱ አመራረጥ ላይ ሳይሆን አከፋፈሉ ላይ ነው። ለሦስት መክፈል ያስፈልጋል፦ የሚያንሱ፣ እኩል የሆኑ፣ የሚበልጡ። እኩል የሆኑት መሃል ይቀመጡና ዳግም አይነኩም።

«ለምን ዝም ብለህ `sorted()` አትልም?» ለምትሉኝ፦ ለሥራ እኔም እሱን ነው የምጠቀመው። የፓይተኑ `sorted()` ኩዊክሶርት አይደለም፤ ቀድሞ የተደረደረውን አይቶ ይጠቀምበታል፣ ለ1200 የተደረደረ ስም 1199 ማነጻጸር ይበቃዋል። ክርክሬ ኩዊክሶርትን ካስተማርን እንዴት እናስተምር የሚለው ላይ ነው።

እኔ አሁን ክፍል ውስጥ የማደርገው ይሄን ነው። መጀመሪያ ያለ ዕጣ ያለውን ኮድ እሰጣቸውና መቁጠሪያ ያስገቡበታል። ከዚያ የራሳቸውን ክፍል ሮስተር ሁለት ጊዜ ይሰጡታል፣ አንዴ እንዳለ፣ አንዴ በውዘው። ለ62 ተማሪ አንደኛው 1,891 ይላል፤ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 450 ባለው ውስጥ ነው። ባለፈው አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ተሳስቷል፣ የተደረደረው ነው የበለጠው» አለችኝ። ሰሌዳው ላይ ወጥተሽ በሰባት ስም አሳዪን አልኳት። ሦስተኛው ስም ላይ ስትደርስ ጠመኔውን አስቀምጣ ዞር አለችና «ግራው ሁሌ ባዶ ነው እንዴ?» አለች።