ህዳሴ ግድብ ስንት ሜጋ ዋት ነው? ሊንክ ብቻውን ምንጭ አይሆንም

«ያደግኩት ደብረ ዘይት ነው» ስል ሰዉ ወዲያው ስለ ሐይቆቹ ይጠይቀኛል። የኔዋ ደብረ ዘይት ግን ቢሾፍቱ አይደለችም። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ መተከል ዞን ውስጥ ያለችው የወንበራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አንድ ስም ሁለት ቦታ ሊሆን እንደሚችል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እዚያው መተከል፣ ጉባ ላይ የተገነባው ህዳሴ ግድብም ከአንድ በላይ ቁጥር እንዳለው የገባኝ ግን ከተሳሳትኩ በኋላ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ሽያጭ ገቢ በጻፍኩት ጽሑፍ የግድቡን አቅም 6,450 ሜጋ ዋት አልኩ። ከሥሩም የዜና ሊንክ አስቀመጥኩ። ከዚያ ቁጥሩን በዓመቱ 8,760 ሰዓታት አባዝቼ የዓመቱን ኃይል አሰላሁ፤ ከ56 ሺህ ጊጋ ዋት ሰዓት በላይ ወጣ። በማግስቱ የሀገሬ ሰው የሆኑ አንድ ጡረተኛ መምህር «ልጄ፣ ሊንክህን ከፍቼ አየሁት፤ ቀኑን አንተ አይተኸዋል? ተርባይኖቹንስ ቆጥረሃል?» ብለው ጻፉልኝ።

አላየሁም፣ አልቆጠርኩም። ዜናው ውሸት አልነበረም፤ አርጅቷል እንጂ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ ይነገር የነበረው አቅም 5,250 ሜጋ ዋት ነበር። በኋላ 6,000 ተባለ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ 6,450። ከዚያ ወዲህ 16 ሊሆኑ የታሰቡት ተርባይኖች ወደ 13 ሲቀነሱ አቅሙ 5,150 ሆነ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውም በዚሁ አቅም ነው። አራቱም ቁጥሮች በየጊዜያቸው በይፋ የተነገሩ ናቸው። ስለዚህ «አቅሙ ስንት ነው?» ከማለት በፊት «መቼ የተባለው?» ማለት ይቀድማል።

እኔን የበለጠ ያሳሳተኝ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የ6,450ው ዜና በፈረንጆች 2017 የወጣ ነው፤ ግድቡ የተመረቀው ደግሞ በኛ 2017። በችኮላ ሲያዩት ትኩስ ዜና ይመስላል! በመካከላቸው ግን ስምንት ዓመት አለ። ከዚያ ወዲህ ዓመተ ምሕረት ስጽፍ የማን እንደሆነ ሳልገልጽ አላልፍም።

የመምህሩ ሁለተኛ ጥያቄ ደግሞ ቁጥርን በራሱ ክፍሎች መፈተን ነው። ሁለቱ ተርባይኖች እያንዳንዳቸው 375 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ፤ ይህ 750 ነው። የቀሩት 11 እያንዳንዳቸው 400 ሲሆኑ 4,400 ይመጣል። ሲደመር 5,150። ሂሳቡ ከገጠመ ቁጥሩን ለማመን ምክንያት አለን። እኔ ይህን ሳላደርግ «አምስት ድረ ገጽ ላይ አይቼዋለሁ» ብዬ ነበር የተማመንኩት። አምስቱን ጎን ለጎን ሳስተያይ አንቀጾቹ ቃል በቃል አንድ ናቸው፤ ያው አንድ ዜና አምስት ጊዜ ተገልብጧል። እንዲህ ያለው አምስት ምንጭ አይባልም፤ አንድ ነው።

ትልቁ ስህተት ግን ማባዛቱ ላይ ነበር። ሜጋ ዋት ግድቡ በአንድ ቅጽበት ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ ኃይል ነው እንጂ በዓመት የሚሸጠው አይደለም። ውሃው እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ ተርባይኖቹ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ በሙሉ ኃይላቸው አይሠሩም። የሚጠበቀው ዓመታዊ ምርት 15,760 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ 5,150ው ያለ ዕረፍት ቢሠራ ከሚገኘው 35 በመቶ ያህሉ ማለት ነው። የኔ ስሌት ታዲያ ገቢውን ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ አሳብጦት ነበር። ያንን አምኖ በየመድረኩ የተናገረ አንባቢ ቢኖር አሳፍሬዋለሁ።

ሊንኬም ቢሆን የረባ አልነበረም። «እዚህ ይመልከቱ» የሚል ጽሑፍ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት፤ አንባቢው ምን እንደሚከፍት አያውቅም። አሁን «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል መግለጫ፣ ከነቀኑ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ሊንኩም ወደ መነሻ ገጹ ሳይሆን በቀጥታ ቁጥሩ ወዳለበት ገጽ ይወስዳል። ገጽ ስለሚጠፋም ከመለጠፌ በፊት ቅጂውን web.archive.org ላይ አስቀምጣለሁ። መግለጫው የባለቤቱ ቃል መሆኑንም አልዘነጋም፦ የተተከለውን አቅም ለማወቅ ይበቃል፤ ገቢውን ለማወቅ ግን የተሸጠው ኃይልና ዋጋው ይፈለጋል።

ጽሑፉን አርሜዋለሁ። የድሮውን ቁጥር ግን አልሰረዝኩትም፤ ከላይ «6,450 ያልኩት ስህተት ነው፣ ገቢውም በዚሁ ተሳስቷል» ብዬ የታረመበትን ቀን ጻፍኩ። ዝም ብሎ መቀየሩ ይቀል ነበር፤ ግን የቀድሞውን ጽሑፍ ለሰው ያጋራ አንባቢ መሳሳቱን በምን ያውቃል? ለመምህሩም ላክሁላቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «አሁን ደግሞ ከፍቼ አየዋለሁ።»