የማጠፊያው ክንድ ይታይ

ባለፈው ወር የኩሽናዬ ካቢኔት አንድ ማጠፊያ ተሰብሮ በሩ ተንጠለጠለ። የተዘጋውን በር ከፊት ለፊት ፎቶ አንስቼ ለአንድ ሱቅ ላክሁ። «አለን» አሉኝ፤ ገዛሁ፤ አናጺውም መጥቶ ገጠመው። በሩ ሲዘጋ ግን ከጎኑ ካለው በር ጋር ተጋጨ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ የዕቃ ፎቶ ሳስነሳ ነው የምውለው፤ ለራሴ ቤት ግን የማይረባ ፎቶ ልኬ ኖሯል።

ማጠፊያ ስትለዩ መጀመሪያ በሩን ዝጉና ተመልከቱ። በበሩና በመቃኑ መገጣጠሚያ ላይ ቀጥ ያለ ክብ ዘንግ ከታየ፣ በመኝታ ቤት በሮች ላይ የለመድነው ባለ ሁለት ክንፍ ማጠፊያ ነው። በበሩ ፊት ላይ ረጅም ብረት አግድም ከተዘረጋ፣ የግቢ በር ላይ የሚገጠመው ባለ ምላስ ነው። ምንም ካልታየ በሩን ክፈቱት። ከላይና ከታች ጫፉ ላይ ባለ እንብርት የሚዞር ከሆነ ባለ እንብርት ማጠፊያ ነው። ከበሩ ጀርባ ክብ ኩባያ ተቀብሮ፣ ክንዱ ከካቢኔቱ ጎን ጋር ከታሰረ ደግሞ ድብቅ ማጠፊያ ይባላል።

የእኔው ድብቅ ነበር፤ ስህተቱ ግን ከዚህ በኋላ ነው የመጣው። ድብቅ ማጠፊያ ሦስት ዓይነት ክንድ አለው። ቀጥ ያለው ክንድ በሩ የካቢኔቱን ጎን ሙሉ በሙሉ ለሚሸፍንበት ነው። ትንሽ ጎበጥ ያለው፣ ሁለት በሮች አንድ መሐል ግድግዳ ለሚካፈሉበት ነው። በጣም የጎበጠው ደግሞ በሩ ወደ ካቢኔቱ ውስጥ ለሚገባበት ነው።

የእኔ በር መሐል ግድግዳ የሚካፈል ነው። የግድግዳው ውፍረት 18 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ በር 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ የቀረው ክፍተት ነው። የተገጠመልኝ ቀጥ ያለ ክንድ በሩን ወደ ጎረቤቱ ድርሻ ገፋው። አናጺው የማስተካከያውን ብሎን ቢያዞርም የሚያንቀሳቅሰው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ አልበቃም። ጎበጥ ባለው ስንቀይረው በሩ ያለ ችግር ተዘጋ።

ስለዚህ ለሱቅ ሁለት ፎቶ ላኩ። አንደኛው በሩ ተከፍቶ ክንዱ ከጎን በኩል የሚታይበት ይሁን፤ ጉብጠቱ ከፊት አይለይም። ሁለተኛው ኩባያው ማስመሪያ ተደግፎበት ይሁን። ብዙውን ጊዜ ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለትንንሽ በሮች ግን 26 የሆነ አለ፤ ያለ ማስመሪያ ሁለቱ ይመሳሰላሉ።

ሽፋኑን ለመለካትም በሩን ዘግታችሁ የጎረቤቱን ክፈቱ፤ በተዘጋው በር ጠርዝ ልክ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምሩ። ከዚያ በሩን ከፍታችሁ፣ በሩ ሸፍኖት የነበረውን ለኩና ቁጥሩን ከፎቶው ጋር ላኩ።