«ዋናው ፋይል ከጠፋ ፖስተሩ አይታረምም» ለሚለው አስተያየት የተሰጠ ምላሽ

በኅትመትና በዲዛይን ባለሙያዎች ዘንድ ሥር የሰደደ አስተያየት አለ። ሌየሮቹን የያዘው ዋናው ፋይል ከጠፋና በእጅ የቀረው ጠፍጣፋ ምስል ብቻ ከሆነ፣ አንድ ቃል ለማረም እንኳ ፖስተሩን እንደ አዲስ ከመሥራት ሌላ መንገድ የለም ይባላል። አስተያየቱ ከልምድ የመነጨ ስለሆነ ሊከበር ይገባዋል፤ ከሩቅ የሚያስታውቅ የተለጠፈ እርማት ያላጋጠመው ባለሙያ ጥቂት ነው። ሆኖም መደምደሚያው ከመነሻው አይከተልም።

ጉዳዩን በምሳሌ እንየው። በመተማና በአካባቢው ቆላ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ለሚመጡ ወቅታዊ ሠራተኞች ካላ አዛር ከባድ ስጋት ነው። አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ በጥቁር አፈር ስንጥቅ ውስጥ ትሸሸጋለች፣ ከምሽት ጀምሮም ትነክሳለች፤ ግራር ሥር የሚያድር ሠራተኛ ይበልጥ ይጋለጣል። ለእነዚህ ሠራተኞች በተዘጋጀ ፖስተር ላይ «ማታ ከአሸዋ ዝንብ ራስዎን ይጠብቁ» መባል ሲገባው «ማታ ከአሸዋ ዝናብ ራስዎን ይጠብቁ» ተብሎ ወጣ እንበል። ስህተቱ የአንድ ፊደል ነው፤ ነገር ግን ዝናብ የሚፈራ ሰው አጎበር አይዘረጋም። ፊደሎቹ ነጭ ናቸው፤ ከበስተጀርባቸው ያለው የምሽት ሰማይ ከላይ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ወደ ታች እየፈካ ይሄዳል።

አንደኛ፣ አስተያየቱ የሌየርን መጥፋት ከመረጃ መጥፋት ጋር ያምታታል። በእርግጥ የጠፋው «ና» የሸፈነው ትንሽ ቦታ ብቻ ነው። የሰማዩ ቀለም የሚለወጠው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ፣ በአንድ አግድም መስመር ላይ ያለ ቀለም ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ስለዚህ ከፊደሉ ግራ ወይም ቀኝ፣ በዚያው ከፍታ የተወሰደ ባዶ ቁራጭ ክፍተቱን ይሞላል። ከላይ ወይም ከታች የተወሰደ ከሆነ ግን ጠርዙ ወዲያው ይታያል። በፎቶሾፕ Content-Aware Fill የሚሞክሩ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ መሣሪያው ናሙናውን ከጎረቤት ፊደላት ጭምር ስለሚወስድ ነጭ ጭረት ይተዋል። ናሙና የሚወሰድበትን ቦታ በእጅ መወሰን ይቻላል፤ መወሰንም አለበት።

ሁለተኛ፣ «ፎንቱ ካልታወቀ ፊደሉ አይገኝም» የሚለው ክርክር የተሳሳተ ግምት ይዟል፤ ፊደል ከፎንት ብቻ ይገኛል ብሎ ያስባል። የሚያስፈልገን «ን» ግን እዚያው መስመር ላይ፣ «ራስዎን» በሚለው ቃል መጨረሻ ተቀምጧል። መጠኑና ቀለሙ ያው ነው፤ ጠርዙ ላይ ያለው ብዥታም ሳይቀር ያው ነው። የጄፔግ ምስል የሚጨመቀው 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ስለሆነ በፊደላት ዙሪያ ደብዛዛ ጥላ ይተዋል። ዛሬ የተጻፈ ጥርት ያለ ፊደል ከዚህ ጥላ ጎን ሲቆም የሚያሳብቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፎንቱ ትክክል ቢሆንም እንኳ። በመሆኑም «ን» ከነዙሪያው፣ ከመስመሩ አናት እስከ ግርጌ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ ይቀዳና በ«ና» ቦታ ይቀመጣል። ከፍታው ስላልተለወጠ የሰማዩ ቀለምም ይገጥማል።

የሚቀረው ክፍተቱ ነው። የሁለቱ ፊደላት ስፋት ብዙ ጊዜ ስለማይመሳሰል «ብ»ን ገፋ ወይም ሳብ ማድረግ ያሻል፤ መስመሩ መሐል ላይ የተደረደረ ከሆነም ግራና ቀኙን በልዩነቱ ግማሽ ማስተካከል ያስፈልጋል። ከዚያ የምስሉን ንፅፅር ለጊዜው እጅግ ከፍ አድርጎ ማየት ነው፤ የተለጠፈ ጠርዝ ካለ በዚህ ጊዜ ይጋለጣል። ሥራው እስኪያልቅ በፒኤንጂ ይቀመጥ፤ ጄፔግ እንደገና በተቀመጠ ቁጥር ጥራት ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ እንደ አዲስ መሥራት የበለጠ አስተማማኝ ነው የሚባለው አልተመዘነም። እንደ አዲስ የሚሠራ ሰው ትክክል የነበሩትን ቃላትና ስልክ ቁጥሮች ሁሉ መልሶ ይተይባል፤ አንድ ፊደል ለማረም ሲል ለስህተት አዲስ በር ይከፍታል። ጽሑፉን ያጸደቀው ጤና ጣቢያም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና ማንበብ ይኖርበታል። በምስሉ ላይ የተደረገ እርማት ግን የሚመረመረው አንድ ቦታ ላይ ነው።

አስተያየቱ የሚያሸንፍበት ሁኔታ እንዳለ አልክድም። ቃሉ በሰው ፊት ላይ ካረፈ ከሥሩ የነበረውን በታማኝነት መመለስ አይቻልም። ሌላው በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ነው፤ በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ኤ3 በ300 ዲፒአይ ለማተም ግን በዚያ በኩል 4961 ፒክስል ያስፈልጋል። እንዲህ ዓይነቱን ምስል ማረም ይቻላል፣ ማተም ግን አይመከርም፤ በቅድሚያ ማተሚያ ቤቱ ዘንድ እንደ ፋይል የተላከ ቅጂ መኖሩ ይጠየቅ። ከሌለ ፖስተሩ እንደ አዲስ ይሠራ፤ ምክንያቱ ግን የፒክስል ማነስ እንጂ የሌየር መጥፋት አይደለም።